ስሙ ከዝርዝሩ ላይ ያልተገኘ እንግዳ ሲመጣ፦ ለምዝገባ ጠረጴዛ በጎ ፈቃደኞች

ጥያቄ፦ የሙያ ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ በአዲስ አበባ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ይካሄዳል። ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ ተሳታፊዎች በኦንላይን ፎርም ተመዝግበዋል። በር ላይ ስድስት በጎ ፈቃደኛ ተማሪዎች ይኖሩናል። ባለፈው ዓመት ስማቸው በተለያየ መንገድ የተጻፈ፣ ከነጭራሹ ዝርዝሩ ላይ ያልተገኙና ሳይመዘገቡ የመጡ ሰዎች ሰልፉን አቁመውት ነበር። ለልጆቹ ምን ዓይነት መመሪያ ልስጣቸው?

መልስ፦

ከሁሉ በፊት የሰልፉን ሒሳብ እንመልከት፤ መመሪያው በሙሉ የሚነሣው ከእርሱ ነው። ከስድስቱ ሦስቱ በዋናው ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ ለእያንዳንዳቸው መቶ መቶ ሰው ይደርሳቸዋል። ስሙ ወዲያው የተገኘን እንግዳ ምልክት አድርጎ ባጁን ለመስጠት ግማሽ ደቂቃ ይበቃል፤ ስለዚህ መቶው ሰው በ50 ደቂቃ ያልቃል። ከመቶው አሥሩ ችግር ያለባቸው ሆነው እያንዳንዳቸው እዚያው ዋናው ጠረጴዛ ላይ አራት አራት ደቂቃ ቢወስዱ ግን ዘጠናው ሰው 45 ደቂቃ፣ አሥሩ ደግሞ 40 ደቂቃ ይፈጃሉ፤ በድምሩ 85 ደቂቃ ይሆናል። ሰልፉን የሚያቆሙት እነዚያ አሥር ሰዎች ናቸው፤ ነገር ግን ጥፋቱ የእነርሱ አይደለም፤ ችግራቸው እንዲፈታ የተደረገበት ቦታ ትክክል ስላልሆነ ነው። ስለዚህ ከዋናው ጠረጴዛ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ሌላ ጠረጴዛ ይዘጋጅ። ወንበር፣ ሙሉው ዝርዝር የተጫነበት ላፕቶፕ፣ ባዶ ባጆች፣ ወፍራም እስክሪብቶና የገንዘብ ያዡ ስልክ ቁጥር ይኑረው። እዚያ ሁለት በጎ ፈቃደኞችና ውሳኔ ለመስጠት ሥልጣን ያለው አንድ የኮሚቴ አባል ይቀመጡ። ስድስተኛው ልጅ እንግዳውን ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ያደርሳል፤ ችግር የገጠመውን እንግዳ በእጅ እያመለከቱ «እዚያ ይሂዱ» ማለት ለእንግዳው ስድብ ይመስላል።

የዋናው ጠረጴዛ ልጆች መያዝ የሚገባቸው ደንብ አጭር ነው፦ ሁለት ጊዜ ፈልግ፤ ካላገኘህ አስተላልፍ። አንደኛው ፍለጋ በራስ ስም፣ ሁለተኛው በአባት ስም ይሁን። ከዚያ በኋላ እንግዳው ምንም ያህል ቢያስረዳ፣ ልጁም ምንም ያህል ሊረዳው ቢፈልግ፣ ጉዳዩ የሁለተኛው ጠረጴዛ ነው። «ስምዎ የለም» የሚለው አነጋገር ፈጽሞ አይነገር፤ ብዙ ጊዜ እውነትም አይደለም፤ ስሙ አለ፣ ያልተገኘው በሌላ አጻጻፍ ስለተመዘገበ ነው። «ስምዎን በሌላ መንገድ የሚፈልጉልዎት ባልደረቦቼ እዚህ አሉ፤ አብረን እንሂድ» ቢባል ይሻላል።

አሁን ወደ ስሞቹ እንግባ፤ ብዙው ችግር ያለው እዚህ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በድምፅ አንድ ሆነው ስለሚነበቡ፣ እኛ ሰዎች ኃይሉን፣ ሀይሉን፣ ሃይሉንና ሐይሉን አንድ ስም አድርገን እናያቸዋለን። ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ያለው ልዩ ምልክት ስለሆነ አራቱ አራት የተለያዩ ስሞች ናቸው። «ሃይሉ» ብሎ የፈለገ ልጅ «ኃይሉ» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም፤ ማሽኑም «አልተገኘም» ይላል፤ ልጁም ያንኑ ለእንግዳው ይደግማል። መፍትሔው ቀላል ነው። ዝርዝሩ በኤክሴል ከሆነ Ctrl+F ተጭነው አጠራጣሪው ፊደል ባለበት ቦታ የጥያቄ ምልክት ያስገቡ፤ ምልክቱ «እዚህ ቦታ ማንኛውም አንድ ፊደል ይሁን» ማለት ነው። ኮከብ ምልክቱ ደግሞ «እዚህ ምንም ባይኖርም፣ ብዙ ፊደል ቢኖርም፣ ክፍት ቦታ ቢኖርም ይሁን» ማለት ነው።

```
?ይሉ
ገብረ*መድ?ን
```

የመጀመሪያው አራቱንም ኃይሉዎች ያወጣል። ሁለተኛው ገብረመድህንን፣ ገብረ መድኅንንና ገብረ መድሕንን በአንድ ጊዜ ያገኛል። በጎግል ሺትስ ተራው የCtrl+F ፍለጋ እነዚህን ምልክቶች አይረዳም። እዚያ Ctrl+H ተጭነው Search using regular expressions የሚለውን ምልክት ያድርጉበትና ፊደሎቹን በቅንፍ ይዘርዝሯቸው፦

```
[ሀሃሐሓኀኃ]ይሉ
```

መስኮቱ የመተኪያ መስኮት ስለሆነ ልጆቹ Find የሚለውን ብቻ እንዲጫኑ፣ Replace የሚለውን ግን እንዳይነኩ አስቀድመው ያለማምዷቸው። በተቻለ መጠን በጉባኤው ቀን የሚከፈተው የዝርዝሩ ቅጂ ይሁን፤ ዋናው ፋይል በአንድ ሰው እጅ ብቻ ይቆይ።

ይኸው ችግር በወረቀት ዝርዝር ላይም አለ፤ እንዲያውም እዚያ ለማስተዋል ይበልጥ ያስቸግራል። ብዙ ጉባኤዎች ሰልፉን በፊደል ተራ ከፍለው «ከሀ እስከ ረ እዚህ፣ ከሰ ጀምሮ እዚያ» የሚል ጽሑፍ ይለጥፋሉ። በፊደል ገበታው ላይ ሠ ከረ በፊት፣ ሰ ደግሞ ከረ በኋላ ስለሚመጡ ሠናይት በአንዱ ሰልፍ፣ ሰናይት በሌላው ትገኛለች፤ እንግዳዋ ራሷ ደግሞ ፎርሙ ላይ በየትኛው እንደጻፈችው ላታስታውስ ትችላለች። ኃይሉም እንዲሁ ከቸ በኋላ ከነ በፊት ይሰፍራል፤ ሃይሉ ከሚገኝበት የመጀመሪያው ገጽ በጣም ርቆ ማለት ነው። ስለዚህ ሰልፉን በፊደል ባይከፍሉት እመርጣለሁ። ሦስቱም ልጆች ሙሉውን ዝርዝር ይያዙ፤ እንግዳውም ሰልፉ ወዳጠረበት ይሂድ። ባጆቹ ግን በአንድ ቦታ በራስ ስም ተራ ይደርደሩ፤ ሲደረደሩም ሀን፣ ሐንና ኀን በአንድ ክፍል፣ ሰንና ሠን በአንድ ክፍል፣ አንና ዐን በአንድ ክፍል፣ ጸንና ፀን በአንድ ክፍል ያድርጓቸው።

ፎርሙ በእንግሊዝኛ ፊደል የተሞላ ከሆነ የአጻጻፉ ልዩነት የባሰ ነው፤ ሰው ስሙን እንደሰማው ይጽፋልና። መኮንን Mekonnen፣ Mekonen፣ Makonnen ሊሆን ይችላል፤ ዮሐንስ Yohannes፣ Yohanes፣ Johannes፤ ካሣሁን Kassahun፣ Kasahun። ልጆቹ ሙሉ ስም መጻፍ የለባቸውም፤ በሁሉም አጻጻፍ ሳይለወጥ የሚቀረውን አጭር ቁራጭ ይፈልጉ። ለመኮንን kon፣ ለዮሐንስ ohan፣ ለካሣሁን ahun ብለው ቢያስገቡ ጥቂት ስሞች ይወጡላቸዋል፤ ከእነዚያ መካከል ትክክለኛውን በዓይን መለየት ቀላል ነው። እንደ ደንብ የሚያዘው ይህ ነው፦ የመጀመሪያውን ፊደል ተዉት፤ ድርብ ሆኖ ሊጻፍ የሚችለው ፊደል በቁራጩ ጫፍ ላይ ካልሆነ አታስገቡት፤ እዚያም አንድ ጊዜ ብቻ ጻፉት፤ ከመካከል ሦስት ወይም አራት ፊደል ውሰዱ። ወልደ፣ ገብረ፣ ኃይለ፣ ተክለ የሚሉት ደግሞ ብዙ ጊዜ በአንድ ፊደልና በአንድ እዝባር ስለሚያጥሩ (ወ/ሚካኤል፣ W/Michael) በእነርሱ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ የስሙን ሁለተኛ ክፍል ይፈልጉ። በኤክሴል mi*ael ብሎ የጻፈ ልጅ Michael፣ Mikael እና Mikhael የሚሉትን ሁሉ ያገኛል።

ሌላው ከሥር የሚመጣ ችግር «የመጨረሻ ስም» የሚለው የፎርሙ ክፍል ነው። ከውጭ በመጡ የምዝገባ መድረኮች የተዘጋጀ ዝርዝር ብዙ ጊዜ በመጨረሻ ስም ተራ ይወጣል። በእኛ ዘንድ በዚያ ቦታ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው እንደ ፓስፖርቱ የአያቱን ስም ይጽፋል። ባልና ሚስት አብረው ቢመዘገቡም የአባታቸው ስም የተለያየ ስለሆነ በዝርዝሩ ላይ ተራርቀው ይቀመጣሉ። ስለዚህ ዝርዝሩ ከመታተሙ በፊት በራስ ስም ተራ ይስተካከል። ከራስ ስም ፊት የገቡት «ዶ/ር»፣ «ወ/ሮ»፣ Dr. እና Eng. የሚሉት ማዕረጎችም ወደ ሌላ ዓምድ ይዛወሩ፤ ካልተዛወሩ ዶክተሮቹ በሙሉ ከስማቸው ተለይተው በአንድ ቦታ ተከማችተው ይገኛሉ። ይህ በዋዜማው የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ጠዋት ላይ ግን ማንም ሊሠራው አይችልም።

በስም ካልተገኘ በስልክ ቁጥር ይፈለጋል፤ ይህ የሁለተኛው ጠረጴዛ የመጀመሪያ ሥራ ነው። ሰዎች ስልካቸውን በ09፣ በ+2519፣ አንዳንዴም በ9 ጀምረው ይጽፋሉ፤ ኤክሴልም ቁጥሩን እንደ ቁጥር ከቆጠረው የፊቱን ዜሮ ያጠፋዋል። ስለዚህ ሙሉውን ቁጥር ሳይሆን የመጨረሻዎቹን ስድስት አኃዞች ብቻ ይፈልጉ። በቁጥሮች መካከል የገቡት ክፍት ቦታዎች ፍለጋውን ስለሚያሰናክሉ እነርሱም በዋዜማው ከዚያ ዓምድ ይወገዱ።

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንከተል። ፀሐይ ወልደ ሚካኤል የተባሉ እንግዳ መጡ እንበል። የዋናው ጠረጴዛ ልጅ ስማቸውን በራሳቸው እጅ በቁራጭ ወረቀት ላይ በአማርኛም በእንግሊዝኛም እንዲጽፉለት ይጠይቃል። በራስ ስም ??ይ ብሎ ፈለገ፤ አልተገኘም። በአባት ስም mi*ael ብሎ ፈለገ፤ ሦስት ሌሎች ሰዎች ወጡ፣ እርሳቸው ግን የሉም። እዚህ ላይ ቆሞ ከነወረቀቱ ያስተላልፋቸዋል። በሁለተኛው ጠረጴዛ የስልካቸው የመጨረሻ ስድስት አኃዞች ይፈለጋሉ፤ እነርሱም የሉም። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «በእርግጥ ተመዝግበዋል?» የሚለው መሆን የለበትም፤ ይህ ጥያቄ እንግዳውን ውሸታም የማድረግ ያህል ነው፤ የሚያስገኘው መረጃም የለም። የሚጠቅመው ጥያቄ «የመዘገበዎት ማን ነው? ከየት መሥሪያ ቤት ነው የመጡት?» የሚለው ነው። እንግዳዋ የመዘገባቸው የመሥሪያ ቤታቸው የሰው ኃይል ሠራተኛ እንደሆነ ይናገራሉ። በመሥሪያ ቤቱ ስም ሲፈለግ አንድ መስመር ይገኛል፦ የሠራተኛው ስም፣ የሠራተኛው ስልክ፣ «የተሳታፊ ብዛት 3»፣ አንድ የባንክ ክፍያ። ሠራተኛው ፎርሙ «ስም» ሲለው የራሱን ስም ሞልቶ ሦስት ሰው ልኳል ማለት ነው። ያ መስመር ላይ «1ኛ፦ ፀሐይ ወልደ ሚካኤል» ተብሎ ይጻፋል፤ ባዶ ባጅ ላይ ስማቸው በጉልህ ይጻፍላቸዋል። የቀሩት ሁለቱ ሲመጡም መልሱ ዝግጁ ነው። «ሁለቱ ባልደረቦችዎ እነማን ናቸው?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ የሚቀጥለውን ፍለጋ ያስቀራል። እንደ እኔ ልምድ ከዝርዝሩ የጠፉት አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ፣ ሌላ ሰው የመዘገባቸው ናቸው፤ ጸሐፊ፣ የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ ወይም የክፍል ኃላፊ።

በፍለጋው ሁሉ ልጆቹ የማይጥሱት አንድ ነገር ይኑር፤ ስክሪኑን ወደ እንግዳው አያዙሩ፤ ከዝርዝሩም ስም እያነበቡ «ይህ ነዎት?» አይበሉ። ዝርዝሩ የሌሎች ሰዎች ስልክና መሥሪያ ቤት አለበት። ከዚህም በላይ የሚጣደፍ እንግዳ የተነበበለትን የሚመስል ስም «አዎ» ብሎ ይቀበላል፤ የሌላውን ባጅ ይዞ ይገባል። የዚያ ባጅ ባለቤት ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲመጣ «ባጅዎ ተወስዷል» ይባላል። በእኛ አገር በራስም በአባትም ስም አንድ የሆኑ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ሁለት አልማዝ ታደሰ በአንድ ጉባኤ ላይ ቢገኙ አያስደንቅም። ስለዚህ በዋዜማው ሙሉ ለሙሉ የተመሳሰሉትን ስሞች በቀለም ምልክት ያድርጉባቸው፤ ምልክት ያለበት ስም ሲገጥመው ልጁ የአያት ስም ወይም የስልኩን የመጨረሻ አራት አኃዝ ሳይጠይቅ ባጅ አይስጥ። የተናገረው እንግዳው ነው፤ ያመሳከረው ልጁ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ፈጽሞ አይገለበጥ።

ስሙ ተገኝቶ አጻጻፉ የተሳሳተ ሲሆን ልጆቹ ሁለት ነገር ይለዩ። ባጁ ለዚያ ቀን ብቻ የሚያገለግል ስለሆነ እንግዳው ቅር ካለው ወዲያው በእጅ ጽሑፍ ይተካለታል። ሰርተፊኬቱ ግን ለፈቃድ እድሳት የሚቀርብ ሰነድ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ በእንግሊዝኛ የሚጻፈው ስም ከሙያ ፈቃዱ ወይም ከመታወቂያው ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። ለዚህ ዝርዝሩ ላይ «የተስተካከለ ስም» የሚል ባዶ ዓምድ ይጨመርና ልጁ እንግዳው በራሱ እጅ የጻፈውን እዚያ ይገልብጥ። የመጀመሪያውን አጻጻፍ ሰርዞ በላዩ መጻፍ አይፈቀድም። ክፍያው የተመዘገበው በአሮጌው አጻጻፍ ስለሆነ እርሱ ከጠፋ ገንዘብ ያዡ ስሙን ከባንክ ወረቀቱ ጋር ማገናኘት አይችልም።

በሁሉም መንገድ ተፈልጎ ያልተገኘ እንግዳ ሲኖር ውሳኔው የልጆቹ አይደለም፤ የኮሚቴው አባል ነው። ልጆቹ የመከልከልም የመፍቀድም ሥልጣን እንደሌላቸው ቢያውቁ እፎይ ይላሉ፤ አንድ ተማሪ ከአባቱ እኩያ ሰው ጋር በር ላይ እንዲከራከር ማድረግም ተገቢ አይደለም። የከፈለበትን መልእክት በስልኩ የሚያሳይ እንግዳ ይግባ፤ ነገር ግን መልእክቱን ማየት ብቻ አይበቃም። የቴሌብር ከሆነ የግብይት ቁጥሩ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከሆነ በFT የሚጀምረው መለያ በመዝገቡ ላይ ይጻፍ። የአንድ ክፍያ ፎቶ ለብዙ ሰው ሊተላለፍ ይችላል። መለያ ቁጥሩ ከተጻፈ ያው ቁጥር ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ወዲያው ይታያል፤ ለምን ያህል ሰው እንደተከፈለም ከብሩ መጠን ይታወቃል። ማስረጃ በእጁ የሌለው ግን «ተመዝግቤያለሁ» የሚል እንግዳ፣ ቦታ ካለ፣ ስሙና ስልኩ ተመዝግቦ በጊዜያዊ ባጅ ይግባ፤ ገንዘብ ያዡ እስከ ምሳ ሰዓት ያጣራ። «ጋብዘውኛል» የሚል ተናጋሪ ወይም የክብር እንግዳ ሲሆን ለጋበዘው ሰው በስልክ ይደወል፤ እስኪጣራ ድረስ ቆመው እንዳይጠብቁ ወንበር ይሰጣቸው።

የቀሩት ሳይመዘገቡ የመጡት ናቸው፤ ለእነርሱ ወሳኙ ጉዳይ ቦታ ነው። አዳራሹ 300 ወንበር ቢኖረው፣ የተመዘገቡት 270 ቢሆኑ፣ ተናጋሪዎችና አስተናጋጆች 15 ቢሆኑ፣ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ሊሰጥ የሚችለው 15 ወንበር ብቻ ነው። ይህ ቁጥር ጠዋት 1:30 ጠረጴዛው ሲከፈት በወረቀት ተጽፎ በሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ አንድ ሰው በገባ ቁጥር አንድ ይቀነስ። ከአሥራ አምስቱ በኋላ የሚመጣ ተራ ቁጥር ይቀበልና ይጠብቅ፤ «ይሞክሩ» እየተባለ ተስፋ ከሚሰጠው «በተራ 4ኛ ነዎት፤ በ3:30 መልስ እሰጥዎታለሁ» መባሉ ይሻለዋል። ጉባኤው 3:00 ላይ ተከፍቶ 3:30 ሲሆን ያልተወሰዱት ባጆች ይቆጠሩ። ስልሳ ባጅ ቢቀር ስልሳውንም ወንበር መስጠት ስሕተት ነው፤ ከሻይ ዕረፍት በፊት የሚደርሱ ብዙ የተመዘገቡ ሰዎች አሉ። ግማሹን፣ ማለትም ሠላሳውን፣ በተራ ቁጥሩ መሠረት ይልቀቁ፤ የቀረው ከሻይ በኋላ ይታይ።

ገንዘብ ከመቀበል በፊት እንግዳው ምን እንደሚያገኝ በግልጽ ይነገረው። ምሳ ለሆቴሉ በዋዜማው በተሰጠው ቁጥር ልክ ስለሚዘጋጅ፣ በር ላይ የተመዘገበ ሰው ምሳ ላይኖረው ይችላል፤ ይህን ከከፈለ በኋላ ቢሰማ ቅሬታው ተገቢ ነው። ጥሬ ገንዘብ የሚቀበለውና ተራ ቁጥር ያለው ደረሰኝ የሚቆርጠው የተለያዩ ሁለት ሰዎች ይሁኑ። የምዝገባ ወረቀቱም ከኦንላይኑ ፎርም ጋር አንድ ዓይነት ዓምዶች ይኑሩት፤ ሙሉ ስም እስከ አያት በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ ስልክ፣ መሥሪያ ቤት፣ የክፍያ መለያ። አንዱ ዓምድ ከጎደለ ሰርተፊኬቱ ሲዘጋጅ እያንዳንዱን ሰው በስልክ መጠየቅ ሊያስፈልግ ነው።

ከምሳ በኋላ ሁለተኛው ጠረጴዛ አንድ የመጨረሻ ሥራ ይቀረዋል፤ ብዙዎች ደክሟቸው የሚተዉት ሥራ ነው። «አልተገኘም» ተብለው የገቡትን ሰዎች ዝርዝርና ማንም ያልወሰዳቸውን ባጆች ጎን ለጎን አስቀምጠው ያስተያዩ። «ጸሀይ» የሚል ባጅ ሳይወሰድ ተቀምጦ «ፀሐይ» የተባለች እንግዳ በጊዜያዊ ባጅ ገብታ ከሆነ፣ በስልክ ቁጥሩ አመሳክረው ሁለቱን መስመሮች አንድ ያድርጓቸው። ይህ ካልተደረገ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፤ በአንዱ መስመር ቀሪ፣ በሌላው ያልከፈለ ሆኖ ይታያል፤ ገንዘብ ያዡም የከፈለን ሰው «አልከፈሉም» ብሎ ሊደውልበት ይችላል። ባጆቹ ተሰብስበው ከመጣላቸውና ልጆቹ ከመበተናቸው በፊት፣ ማን ምን እንዳለ ገና ሲያስታውሱ፣ እዚያው ይሠራ።